መሃል ላይ የቆመው እንቁላል

ባሕር ዳር፣ ጀልባዎች ዓሣ በሚያራግፉበት የጣና ዳርቻ፣ አንዲት እናት አናቱ በተቆረጠ ነጭ ጀሪካን ዓሣ ከመድረቁ በፊት የሚነከርበትን የጨው ውሃ እያዘጋጁ ነበር። 15 ሊትር ያህል ውሃ፣ ከሥሩ የተዘረገፈ ያልተፈጨ ጨው፣ አጠገቡ ተሰንጥቆ የታጠበ አምባዛ። ጨው መብቃቱን ለማየት እንቁላል አነሡና ቀስ ብለው ለቀቁት። እንቁላሉ ወረደ፤ ታች ግን አልደረሰም። ወደ ላይም አልተመለሰም። የጀሪካኑ ወገብ ላይ ሲደርስ፣ በክር እንደተንጠለጠለ ሁሉ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዓሣ የሚበልተው ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እማማ፣ ደረሰ ማለት ነው?» አላቸው።

«ግማሽ ደርሷል ማለት ነው ልጄ። ትንሽ ጨው አምጣ።»

ልጁ ጨው ከማምጣቱ በፊት የነበረውን ላሟሟው ብሎ በዘንግ ከሥር አንሥቶ ማማሰል ጀመረ። ማማሰሉን ሲያቆምና ውሃው ሲረጋ እንቁላሉ ጀሪካኑ ወለል ላይ ተኝቷል። ጨው አልተጨመረም፣ ውሃ አልተጨመረም፣ እንቁላሉም አልተለወጠም። መሃል የነበረው ግን ሰጥሟል። እናትየው «ማማሰሉ አበላሸው» አሉ።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እንቁላል በጨው ውሃ ላይ የመንሳፈፉ ጉዳይ ለማንም አዲስ አይደለም። መሃል ላይ የመቆሙ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ስለ ጨው ውሃ ጥንካሬ ከእንቁላልም ሆነ የፈሳሽን እፍግታ ከሚለካው ተንሳፋፊ መሣሪያ፣ ከሃይድሮሜትር፣ የምንሰማውን መልስ እንዴት ማድመጥ እንዳለብን የሚያስተምረው ያ መሃል ላይ የቆመው እንቁላል ይመስለኛል።

ፎቅ ያለው ውሃ

በቅድሚያ ተንሳፋፊ ነገር ምን እንደሚያደርግ እናስብ። የጣና ታንኳ ሰውና እንጨት ሲጫንበት ዝቅ ይላል፤ ዝቅ የሚለውም ገፍቶ ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ከራሱና ከጭነቱ ክብደት ጋር እስኪተካከል ድረስ ነው። ለእንቁላልም ሕጉ ያው ነው። 57 ግራም የሚመዝን እንቁላል ወደ 52.7 ሚሊ ሊትር ቦታ ይይዛል እንበል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢጠልቅ የሚያስለቅቀው ውሃ 52.6 ግራም ብቻ ስለሆነ 57ቱን ግራም መሸከም አይችልም፤ ይሰጥማል። አንድ ሊትሩ 1148 ግራም በሚመዝን የጨው ውሃ ውስጥ ግን ያው 52.7 ሚሊ ሊትር 60.5 ግራም ይመዝናል። ከ57 ይበልጣል፤ ስለዚህ እንቁላሉ ወደ ላይ ይገፋል።

ውሃው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ከሆነ እንቁላሉ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ይወርዳል ወይ ይወጣል። መሃል ላይ እንዲቆም የውሃው ክብደት ከእንቁላሉ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ ተጠንቅቆ ጠብታ በጠብታ ላላዘጋጀው ሰው በአጋጣሚ የሚገኝ ነገር አይደለም። እንቁላል ባልተማሰለ ዕቃ ውስጥ መሃል ላይ ከቆመ ውሃው ፎቅና ምድር ቤት አለው ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጨው እንክብል ከውሃ ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ታች ይወርድና እዚያው ሥሩ ላይ ይሟሟል። በዙሪያው ያለው ውሃ ጨው ሲጠግብ ይከብድና ከሥር ይተኛል። የከበደ ውሃ በራሱ ፈቃድ ወደ ላይ አይወጣም። ጨው ካልተማሰለ ከታች ወደ ላይ የሚሰራጨው በሰዓታት ሳይሆን በቀናትና በሳምንታት ነው። ያ ጀሪካን ከሥር አንድ ሊትሩ ወደ 1200 ግራም የሚጠጋ፣ ከላይ ደግሞ ከቧንቧ ውሃ ብዙም ያልተለየ ውሃ ይዞ ነበር። እንቁላሉ በቀላሉ ውሃ ውስጥ ወረደ፣ ከባዱን ሲያገኝ ቆመ። የቆመበት ቦታ ሁለቱ የተገናኙበት ድንበር ነው እንጂ «ግማሽ ደርሷል» የሚል መልእክት የለውም።

ስለዚህ ማማሰሉ አላበላሸውም፤ እውነቱን አወጣው። ውሃው ሲቀላቀል አማካዩ እንቁላሉን ለመሸከም እንደማይበቃ ታወቀ። ከሥር የነበረው ጨው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር ብንል፣ በ15 ሊትር ውሃ ውስጥ 9 በመቶ ብቻ ይሆናል። ትኩስ እንቁላል በዚህ ላይ አይንሳፈፍም።

የተሳሳተ መልስ በተቃራኒውም ይመጣል። ዕቃው አጭር ከሆነና እንቁላሉ ከከባዱ ውሃ ላይ ተቀምጦ ጫፉ ብቅ ካለ፣ «ደርሷል» ተብሎ ዓሣው ይገባል። ከላይ ያለው ዓሣ የሚነከረው በቀላሉ ውሃ ውስጥ ነው። በሞቃት ቀን መጀመሪያ ሽታ የሚያመጣውም ያ የላይኛው ነው።

ተማስሎ አልቆ እንደሆነ በዓይን ይለያል። ጨው እየሟሟ ያለበት ውሃ በብርሃን ሲያዩት ዘይት የተንጠባጠበበት ይመስል የሚንቀለቀል ክር ያሳያል። ያ ክር እስኪጠፋ፣ ከሥርም በዘንግ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ነገር እስኪያጣ ማማሰል ነው። ያልተፈጨ ጨው ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሃውን ማሞቅ ማሟሟቱን ያፈጥናል እንጂ ውሃው የሚይዘውን የጨው መጠን ብዙም አይጨምርም፤ 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ ወደ 36 ግራም ጨው ይይዛል፣ ሲፈላም ከ39 ወይም ከ40 አያልፍም።

አንድ ሊትር ውሃ ጨው ሲጠጣ

በትምህርት ቤት «እፍግታ» ያልነውን ነገር እዚህ በግራም ማሰብ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ ስንት ግራም ይመዝናል? ንጹሕ ውሃ 1000 ገደማ ነው፤ በባሕር ዳር ሙቀት ሁለት ወይም ሦስት ግራም ያንሳል። የጣና ውሃ ጨው አልባ ስለሆነ ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ለምግብ የሚሆነው ግን የተጣራው ነው። 10 በመቶ የጨው ውሃ 1071 ግራም፣ 15 በመቶው 1108፣ 20 በመቶው 1148 ይመዝናል። ከዚህ በላይ አልሟሟም ብሎ ጨው ከሥሩ የቀረበት የጠገበ ውሃ 26.4 በመቶ ሆኖ 1200 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ከ1000 በላይ ያለውን ትርፍ ለ7.4 ብናካፍለው የጨውን መቶኛ እናገኛለን። 148 ለ7.4 ሲካፈል 20 ነው። 108 ሲካፈል 14.6 ይሰጣል፤ ትክክለኛው 15 ነው። ስሕተቱ ከግማሽ በመቶ አያልፍም፤ ዓሣ ለመንከር ከበቂ በላይ ነው። ይህን 7.4 ያዙልኝ፤ ወደፊት ያስፈልገናል።

«20 በመቶ» ሲባል ግን ብዙ ሰው 200 ግራም ጨው በአንድ ሊትር ውሃ ያደርጋል። ያ 20 በመቶ አይደለም። 200 ግራም ጨው ከ1000 ግራም ውሃ ጋር ሲደመር 1200 ነው፤ ከዚያ ውስጥ የጨው ድርሻ 16.7 በመቶ ነው። እውነተኛው 20 በመቶ በአንድ ሊትር ውሃ 250 ግራም ይጠይቃል። ያ ጀሪካን በ15 ሊትሩ 3 ኪሎ ከ750 ግራም ይፈልግ ነበር፤ አንድ ኪሎ ተኩሉ ከገባ የቀረው ሁለት ኪሎ ከሩብ ነው። «ትንሽ ጨው አምጣ» የሚባል መጠን አይደለም።

አንድ ሊትር ውሃ 250 ግራም ጨው ሲገባበት ለምን 1250 እንደማይሆንም መረዳት ይጠቅማል። ጨው ሲገባ ውሃው ከፍ ይላል፤ ሊትሩ ወደ 1.09 ሊትር ያድጋል። 1250 ግራሙ በዚያ ሁሉ ላይ ስለሚከፋፈል ለአንድ ሊትር 1148 ይደርሰዋል። ደስ የሚለው ነገር፣ ያ ጨው በደረቅነቱ ብቻውን 115 ሚሊ ሊትር ቦታ ይይዝ ነበር፤ ሲሟሟ ግን ውሃውን ወደ 90 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው ያሳደገው። የተለያዩት የጨው ቅንጣቶች በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ወደ ራሳቸው ስበው ያጠጋጉታል። ውሃው የሚከብደው ጨው ስለተጨመረበት ብቻ ሳይሆን ራሱም በጥቂቱ ጠበብ ስለሚል ጭምር ነው።

መጠኑን በጣሳ ከመስፈር በሚዛን መመዘን የሚሻለውም ለዚህ ነው። አንድ ጣሳ የተፈጨ ጨውና አንድ ጣሳ ያልተፈጨ ጨው እኩል አይመዝኑም፤ በድፍኑ ጨው መካከል ያለው አየር ብዙ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ አየሩ ሲረጥብ ጨው ውሃ ይጠጣል፤ የረጠበ ጨው ሲመዘን ውሃውም ጨው ተብሎ ይቆጠራል። ሚዛን ኖሮን እንኳ በመጨረሻ ውሃውን ራሱን መጠየቅ የሚያስፈልገን በዚህ ምክንያት ነው።

እንቁላሉ ራሱ ስንት ነው?

ታዲያ ውሃውን በእንቁላል እንጠይቅ ካልን፣ እንቁላሉ ራሱ ስንት እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል። ዛሬ የተጣለ እንቁላል በሊትር ሲሰላ 1080 ወይም 1090 ግራም ገደማ ነው። ይህም ማለት ውሃው 11 ወይም 12 በመቶ ጨው ሲኖረው መንሳፈፍ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ግን እንቁላሉ በየቀኑ ይቀልላል። ቅርፊቱ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ በእነሱ በኩል እርጥበት ይወጣል፣ በሰፊው ጫፍ በኩል ያለችው የአየር ኪስ ትሰፋለች። ቅርፊቱ ግን አይጠብም። ቦታው ያው፣ ክብደቱ ያነሰ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ይሄም መለኪያችን ቀስ በቀስ ከቦታው ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ በ10 በመቶ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ብዙ ሳምንት ሞቃት ሱቅ ውስጥ የቆየው በ5 ወይም በ6 በመቶም ይነሣል። የተበላሸው በንጹሕ ውሃም ይንሳፈፋል።

ስለዚህ «እንቁላል ተንሳፈፈ» የሚለው ዜና ብቻውን ከ5 እስከ 12 በመቶ ያለውን ሁሉ ሊያመለክት ይችላል። ዓሣ ለማድረቅ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለሚፈልግ ሰው ይህ ምንም አልነገረውም።

ይህን የተረዱ የድሮ ሰዎች ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ከውሃው በላይ የሚታየው የቅርፊት ክብ የሳንቲም ያህል እስኪሆን ጨው መጨመር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ውሃው በከበደ ቁጥር እንቁላሉ ከፍ ይላል። ጉዳዩ የእንቁላሉ መጠን ነው። ባለ አንድ ብር ሳንቲም ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 57 ግራም በሚመዝን የፈረንጅ እንቁላል ላይ ያን ያህል ክብ ከታየ፣ ከእንቁላሉ ውስጥ ከውሃ የወጣው 2.6 በመቶ ያህሉ ነው፤ ውሃውም ወደ 15 በመቶ ጨው አለው። በ40 ግራሟ የሀበሻ እንቁላል ላይ ያው ሳንቲም ሲታይ ግን የወጣው 4.6 በመቶ ይጠጋል፤ ውሃውም ወደ 18 በመቶ ደርሷል። አንድ ሳንቲም፣ ሁለት መልስ።

ክቡም እየሰፋ ሲሄድ ለውጡ ይደበዝዛል። ትልቁን እንቁላል ይዘን ብናሰላው፣ ክቡ ከምንም ተነሥቶ ሁለት ሳንቲ ሜትር እስኪሆን አንድ በመቶ ጨው ብቻ ይበቃዋል። ከሦስት ሳንቲ ሜትር ተነሥቶ ሦስት ተኩል እስኪሆን ግን ውሃው ከ17 ወደ 24 በመቶ ይወጣል። ዓይን የግማሽ ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ ያውም በሚወዛወዝ እንቁላል ላይ፣ አይለይም። በደካማው በኩል ዘዴው ንቁ ነው፤ እኛ በምንፈልገው በጠንካራው በኩል ደንቆሮ ነው።

እንቁላሉን መጀመሪያ መመዘን

እንቁላልን ግን መጣል አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ በትክክል ይመልሳል፤ «ይህ ውሃ ከእኔ ይከብዳል ወይስ ይቀልላል?» ጥያቄውን በዚያ ልክ ካስተካከልንለት ከብዙ መሣሪያ የማይተናነስ መልስ ይሰጣል።

በመጀመሪያ እንቁላሉ ያልተሰነጠቀ መሆኑን ማየትና በደንብ ማጠብ ነው። ለምግብ በሚውለው የጨው ውሃ ውስጥ ራሱ እንቁላል መጣል አልወድም፤ ቅርፊት ላይ የሚኖር ቆሻሻ ወደ ዓሣው ይሄዳል። ሁሉም በተቀዳ ናሙና፣ በጆግ ወይም አናቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ይሠራ፤ ናሙናውም ወደ ዕቃው አይመለስ።

ከዚያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንቁላሉን አስገብቶ፣ ጨው በሚዛን አሥር አሥር ግራም እየጨመሩ በየጊዜው በደንብ ማማሰል። እንቁላሉ ከሥሩ የሚለቅበት ቅጽበት ይመጣል። 130 ግራም ላይ ለቀቀ እንበል። 130 ለ1130 ሲካፈል 11.5 በመቶ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ በሊትር 1082 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ የዚህ እንቁላል ቁጥር 82 ነው፤ ከ1000 በላይ ያለው ትርፉ።

አሁን ወደምንመረምረው የጨው ውሃ እንሂድ። በደንብ ተማስሎ አንድ ሊትር ይቀዳና እንቁላሉ ይገባበታል። ይንሳፈፋል። ንጹሕ ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ በ50 ሚሊ ሊትር ልክ፣ እየጨመሩና እያማሰሉ ማቅጠን ነው። እንቁላሉ መጀመሪያ ብቅ ያለ ጫፉን ይደብቃል፣ ቀጥሎ ከላይ ተጠግቶ ይንቀረፈፋል፣ ከዚያ መስጠም ይጀምራል። 800 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲገባ ሰጠመ እንበል። አንዱ ሊትር 1.8 ሊትር ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ የእንቁላሉን 82 በ1.8 እናባዛለን፤ 147.6 ይመጣል። ለ7.4 ሲካፈል 20 በመቶ ነው።

ስሌቱ የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ውሃ ስንጨምር ጨው አልጨመርንም፣ አልቀነስንም፤ ትርፉን ክብደት በሰፊ ቦታ ብቻ ነው የዘረጋነው። እንቁላሉ የሰጠመበት ነጥብ ትርፉ ከራሱ ትርፍ ጋር የተካከለበት ነው። የእንቁላሉ መጠንም ሆነ የሳንቲሙ ስፋት እዚህ ውስጥ የለም። ዕድሜውም አያስቸግርም፤ ቁጥሩ በዚያው ቀን ከተለካ። ከሳምንት በኋላ በዚያው እንቁላል የሚሠራ ሰው ግን እንደገና ይለካው፤ ያኔ ከ130 ይልቅ 115 ግራም ላይ ሊለቅ ይችላል፤ የድሮውን 82 ይዞ ያሰላ ሰው ውሃው ከእውነቱ ሁለት ወይም ሦስት በመቶ የበለጠ ይመስለዋል።

ጊዜ ለሌለው ሰው አጭር መንገድም አለ። አንድ ኩባያ የጨው ውሃና አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ቀላቅሎ ትኩስ እንቁላል መጣል። አሁንም ከተንሳፈፈ ውሃው ወደ ጥጋብ የተጠጋ፣ ከ22 ወይም ከ23 በመቶ በላይ ነው። ከሰጠመ ከዚያ በታች ነው።

ሃይድሮሜትር ሲገኝ

ሃይድሮሜትር ዕድሜ የማይቀንሰው እንቁላል ነው። ከታች የሰፋና የከበደ ሆድ፣ ከላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን አንገት። አንገቱ መቅጠኑ ለውበት አይደለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ያለው ቱቦ ቢሆን ኖሮ፣ በንጹሕ ውሃ 18 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቀው በጠገበ የጨው ውሃም 15 ይጠልቅ ነበር፤ ሙሉው መለኪያ በሦስት ሳንቲ ሜትር ይጨናነቃል። ቀጭኑ አንገት ያችን ትንሽ ልዩነት ይዘረጋታል። እርግጥ ይህ ስሌት በስትሮ የሚሠራን መለኪያም ይፈቅዳል፤ ከሥሩ ትንንሽ ሚስማር አስገብቶ በሻማ ሰም መድፈን፣ በንጹሕ ውሃና ጨው በተረፈበት የጠገበ ውሃ ላይ ሁለት ምልክት ማድረግ ነው። ሸምበቆ ግን ውሃ ስለሚጠጣ አይሆንም።

ባሕር ዳር ውስጥ በቀላሉ የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ለዚህ ሥራ አይመቹም። ወተት የሚሰበስቡ ሰዎች የያዙት ላክቶሜትር የሚያነበው ከ1015 እስከ 1040 አካባቢ ነው፤ ይህ ከ2 እስከ 5 ተኩል በመቶ ጨው ማለት ነው። በ20 በመቶ ውሃ ላይ ቁጥሩ ሁሉ ከውሃ ወጥቶ ይንጎማለላል። የባትሪ ቤቱ ደግሞ ከ1100 ይጀምራል፤ ለጠንካራው ውሃ በቁጥር ደረጃ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን አሲድና እርሳስ የነካው ዕቃ ወደ ምግብ መጠጋት የለበትም፣ ታጥቦም ቢሆን። የሚፈለገው ከ1000 እስከ 1200 የሚያነበው ነው። በመቶ የተከፋፈለ የጨው መለኪያ ያገኘ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ እዚያ ላይ 100 ማለት የጠገበ ውሃ እንጂ መቶ በመቶ ጨው አይደለም። 76 ሲል 20 በመቶ ጨው ነው።

አነባበቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ናሙናው ከመሃል ተቀድቶ፣ ተጣርቶ፣ መለኪያው ጎኑን ሳይነካ በሚቆምበት ረዥም ዕቃ ይደረግ። መለኪያው ቀስ ብሎ ይለቀቅና በጣት ጠምዘዝ ይደረግ፤ የተጣበቁ የአየር አረፋዎች ይራገፋሉ። አረፋ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ውሃው ከእውነቱ በላይ ጨው ያለው ይመስላል። ከባለፈው ጊዜ አንገቱ ላይ የደረቀ ጨው ደግሞ ያከብደዋል፤ ውሃው ደካማ ይመስላል። ዓይን ከውሃው ጋር እኩል ዝቅ ብሎ፣ አንገቱ ላይ የወጣውን ጠርዝ ሳይሆን ጠፍጣፋውን የውሃ ገጽ ያንብብ። ከሁሉ በፊት በንጹሕ ውሃ ይሞከር፤ 1000 አካባቢ ካልቆመ ስሕተቱን መዝግቦ መቀነስ ወይም መደመር ነው።

ሙቀትም አለ። መለኪያው የተሠራበት ሙቀት አንገቱ ላይ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜ 20 ዲግሪ። በጥላ ሥር የቆየ ውሃ ልዩነቱ ችላ የሚባል ነው። ከምድጃ የወረደ 60 ዲግሪ ውሃ ግን ስለሚለጠጥ ወደ 20 ግራም ቀንሶ ያነባል፤ 20 በመቶው 17 ተኩል ይመስላል፤ ሰውየው ጨው ይጨምርበታል። ሲቀዘቅዝ ማንበብ ነው።

ዓሣው ከገባ በኋላ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተለካው ቁጥር ዓሣው እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። የዓሣ ሥጋ ከሦስት አራተኛ በላይ ውሃ ነው። 10 ሊትር የ20 በመቶ የጨው ውሃ ውስጥ 2.3 ኪሎ ጨውና 9.2 ኪሎ ውሃ አለ። 5 ኪሎ የተሰነጠቀ ዓሣ ሲገባ ወደ 3.9 ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ይዞ ይመጣል። ጨው ወደ ሥጋው፣ ውሃ ከሥጋው እየሄዱ መጨረሻ ላይ ቢተካከሉ 2.3 ኪሎው ጨው በ15.4 ኪሎ ውስጥ ይከፋፈላል። ያ 15 በመቶ ነው። 20 ብሎ የጀመረ ሰው በ15 ጨረሰ።

ስለዚህ መለኪያው ሁለት ጊዜ ነው የሚገባው፤ ከመንከሩ በፊትና ዓሣው ሲወጣ። ሲወጣ 10 ሊትሩ ላይ 1118 አነበበ እንበል። 118 ለ7.4 ሲካፈል 16 በመቶ ነው። 10 ሊትሩ 11.18 ኪሎ ይመዝናል፤ ውስጡ 1.79 ኪሎ ጨው አለ። ወደ 20 ለመመለስ የጎደለው 11.18ን በአራት በመቶ አባዝተን የሚመጣው 447 ግራም ይመስላል። ግን የሚጨመረው ጨው ራሱ ክብደቱን ስለሚያሳድግ ለ0.8 መካፈል አለበት፤ 560 ግራም ይሆናል። ጨምሮ፣ አማስሎ፣ እንደገና ማንበብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ሃይድሮሜትርም እንቁላልም ጨው አያውቁም፤ ክብደት ብቻ ነው የሚያውቁት። ዓሣ የተነከረበት ውሃ ደምና ከሥጋ የወጣ ነገር ይዟል፤ እሱም ያከብደዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር የተነበበው 16 በመቶ በእውነቱ ከዚያ ጥቂት ያነሰ ጨው ነው፤ በሦስተኛው ዙር ልዩነቱ ይሰፋል። ስኳር ወይም ቅመም የገባበት ውሃም እንዲሁ ያታልላል። ውሃው ከደፈረሰ፣ አረፋው ካልጠፋ ወይም ከሸተተ ቁጥሩ ምንም ቢል መደፋት ነው።

ደግሞም የውሃው ቁጥር የዓሣው ቁጥር አይደለም። አደገኛውን የቦቱሊዝም ባክቴሪያ በጨው ብቻ ለመግታት በሥጋው ውስጥ ባለው ውሃ 10 በመቶ ጨው ያስፈልጋል፤ ወፍራም አምባዛ መሃሉ ድረስ ያን እስኪያገኝ ቀጭኑ ቀረሶ ከደረሰበት ጊዜ በብዙ ይዘገያል። ወፍራሙን እስከ አጥንቱ መሰንጠቅ፣ በዕቃው ውስጥ እንዳይጣበቅ ማገላበጥ፣ ተንሳፍፎ የሚወጣውንም በንጹሕ ሰሃን ወይም ድንጋይ ከውሃው በታች መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጠንካራ ጨው ውሃ ዓሣም እንደ እንቁላሉ ይነሣል፤ ጀርባው ከውሃ ውጪ የቀረ ዓሣ በዚያ በኩል ጨው አያገኝም።

ያ ጀሪካን ሁለት ኪሎ ከሩብ ጨው ሲጨመርበትና ክሩ እስኪጠፋ ሲማሰል፣ እንቁላሉ ከወለሉ ተነሥቶ መሃሉ ላይ ሳይቆም በአንድ ጊዜ ላይ ይወጣል። ከዚያ ልጁ አንድ ሊትር ይቀዳና በሌላ ዕቃ ማቅጠን ይጀምራል።